የመቅደላውን ሙሾ በስድ ንባብ መጻፍ፦ ምስሉ ሲወጣ ሐዘኑ እንዳይወጣ

ግጥም በስድ ንባብ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ይተርፋል፣ የሚያንገበግበው ነገር ግን ይጠፋል። ትምህርት ቤት «የግጥሙን ሐሳብ በራስህ አባባል ጻፍ» የተባለ ሁሉ ያውቀዋል። «ገጣሚው እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው» ብለን እንጽፋለን፣ መምህሩም ልክ ነው ብሎ ያርማል፣ የጻፍነውን ግን ደግሞ የሚያነበው ሰው የለም። ግጥሙን ሲሰማ አንገቱን የነቀነቀ ሰው ማብራሪያውን ሲሰማ ዝም ይላል።

ብዙዎች ይህን የሚያመካኙት በምስሉ ነው። ስድ ንባብ ምስሉን ስላወለቀ ስሜቱም አብሮ ወጣ ይላሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። ስሜቱ ያለው በምስሉ ጌጥ ላይ ሳይሆን ምስሉ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው፤ ያንን ሥራ ካወቅነው ጌጡን አውልቀንም ሥራውን በሌላ መንገድ ማሠራት ይቻላል። ይህን በደፈናው ከማውራት አንድ ግጥም ይዞ መሥራት ይሻላል። የምይዘው ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ የተባለውን ሁለት መስመር ነው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

«አላውቅም» የሚሉም አሉ፤ የቃል ግጥም ስለሆነ ከአፍ አፍ ይለዋወጣል።

መጀመሪያ የሆነውን ነገር ከግጥሙ ለይተን እናስቀምጥ። በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ የቴዎድሮስ ሠራዊት ከመቅደላ በታች እሮጌ ሜዳ ላይ ጄኔራል ናፒየር ከሚመራው የእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠመ። በመድፍና በአዲሱ የእንግሊዝ ጠመንጃ ፊት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ የንጉሡ የቅርብ ሰው ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። ከዚያ በኋላ ከሠራዊቱ አብዛኛው ተበተነ። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች አምባውን ጥሰው ሲገቡ ቴዎድሮስ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

አሁን ወደ ግጥሙ እንመለስና አንድ ነገር እናስተውል፤ የሚናገረው ነገር እንደ ቆጠራ ከተወሰደ ውሸት ነው። «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ይላል፤ ከሦስት ቀን በፊት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ሞተዋል። ሙሾ አውራጁም ለቅሶ ላይ የተቀመጠውም ይህን ያውቃል። ሐዘኑ የሚመጣው ደግሞ ከዚሁ ከተሳሳተው ቆጠራ ነው። ሙሾው የሟች ቆጠራ አስመስሎ ይጀምራል፣ በሴትና በወንድ ይለያል፣ ሴቶቹ ጋ ሲደርስ «አናውቅም» ብሎ ያልፋል፣ ወንዶቹ ጋ ሲደርስ አንድ ብሎ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ሰሚው ራሱ ይጠይቃል፤ የቀሩትስ ወንድ አልነበሩም ወይ? መልሱን ማንም አይነግረውም። ንጉሡን ማወደሱና ጥለውት የሄዱትን መውቀሱ ያለው በዚህ ባልተመለሰ ጥያቄ ውስጥ ነው።

እንግዲህ እዚህ «እንደ» ወይም «መሰለ» የሚል ንጽጽር የለም። ያለው ምስል ከአፋፉ ርቆ ጩኸት የሚሰማና የሟች ቁጥር የሚያወራ ሰው ነው። ይህ ሰው የሚያደርጋቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ስም አይጠራም፣ ሐዘኔን እዩልኝ አይልም፣ ትልቁን ነገር እስከ መጨረሻዋ ቃል ያዘገያል። ስድ ንባባችን ሊያድነው የሚገባው እነዚህን ሦስቱን ነው።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጽፈው የሚከተለውን ይመስላል፦

«ገጣሚው በመቅደላ ከፍተኛ ጩኸት እንደነበረና ከሞቱት መካከል እውነተኛ ጀግና የሚባለው ዐፄ ቴዎድሮስ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል።»

ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሰሚው ራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ነገር እኛ ቀድመን ሰጠነው። «እውነተኛ ጀግና» ስንል ጥያቄው ከመነሳቱ በፊት ተመለሰ። «ገጣሚው ይገልጻል» ስንል ደግሞ በለቅሶው ቦታ መሀል ሌላ ሰው አስገባን፤ አሁን የምንሰማው አልቃሹን ሳይሆን ስለ አልቃሹ የሚያወራ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ መለያው ቀላል ነው፤ «ይገልጻል»፣ «ያሳያል»፣ «ለማለት ነው» የሚሉ ማሰሪያዎች ይበዙበታል።

ይህ ደረቅ ሆነ ብሎ የሚያስተካክል ሰው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል፦

«በዚያ አሳዛኝና ልብ ሰባሪ ቀን የመቅደላ ተራራ በመራራ ለቅሶ ተናወጠ፤ ኢትዮጵያ ተተኪ የሌለውን ታላቁን ልጇን አጣች።»

ይሄኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው እላለሁ። አንባቢው ማዘን ሳይጀምር ጸሐፊው አዝኖ ጨረሰ። ከዚያም በላይ ግጥሙ ውስጥ ያልነበረ ነገር ገባበት። ኢትዮጵያ እንደ እናት አልተነሳችም፣ ተራራው አልተናወጠም። ምስል አውጥቼ ተራ አደርጋለሁ ያለ ሰው በወጣው ምስል ምትክ ሁለት ያረጁ ምስሎች ከተተ። «ልብ ሰባሪ» የሚለውን ቅጽል ብንሰርዘው የሚጎድል ነገር አለመኖሩን አንብቡና እዩ፤ ተሰርዞ የማይጎድል ቃል ስሜት አልተሸከመም ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥፋት ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጥፋት ነው። እሮጌን፣ ናፒየርን፣ የታሰሩትን አውሮፓውያን፣ ከዚያም ቴዎድሮስ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከእስረኞቻቸው ብዙዎቹን ወደ ገደል ማስጣላቸውን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ይጨምራል። ይህን የመጨረሻውን ያወቀ ሰው «አፋፉ ላይ ጩኸት» የሚለውን እንደ በፊቱ አድርጎ ሊያነበው አይችልም፤ እውነት ነው። ግን ይህ የእኛ እውቀት ነው። አልቃሹ የእኒያን እስረኞች ሐዘን ሊያወርድ አልተነሳም። ታሪኩን ከግጥሙ በፊት ወይም በኋላ ለብቻው መናገር ይቻላል፤ እንዲያውም ይገባል። በአልቃሹ አፍ ውስጥ ከተጨመረ ግን አልቃሹ የታሪክ አስተማሪ ይሆናል።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ? የመጀመሪያው ሥራ ተናጋሪውን በቦታው መተው ነው። «ገጣሚው» የሚባል ሰው አይግባ፤ ተናጋሪው «እኛ» እንዳለ «እኛ» ይበል። እንዲህ ጀመርኩ፦

«መቅደላ አፋፍ ላይ ጩኸቱ በዝቷል። ከሴቶቹ ስንት እንደሞተ አናውቅም፤ የቆጠረ የለም። ከወንዶቹ ግን የሞተው አንድ ሰው ነው። ሌሎቹ ሸሽተዋል ወይም እጃቸውን ሰጥተዋል። እውነተኛ ወንድ እሱ ብቻ ነበር።»

ተናጋሪው ተመልሷል፣ ቅጽሉም ቀንሷል። ነገር ግን መጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለሰሚው የተተወውን ጥያቄ ይመልሱበታል። «ሌሎቹ ሸሽተዋል» የሚለው ክስ ግጥሙ ውስጥ አለ፣ ግን በግልጽ አልተነገረም። ለቅሶ ላይ እንዲህ ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው ጠብ ይፈጥራል። አልቃሽ ደግሞ ሁሉ በተቀመጠበት የሚናገረው ማንም ተነስቶ «እኔን ነው የሰደብከው» ሊለው በማይችልበት መንገድ ነው። ስለዚህ ክሱ ተሰውሮ መቆየቱ የስሜቱ አንድ አካል ነው፤ ካወጣነው ሐዘኑ ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል። «የቆጠረ የለም» የሚለውም የእኔ ጭማሪ ስለሆነ ይውጣ።

እነዚህን ብሰርዝ ደግሞ «ከወንዶቹ የሞተው አንድ ሰው ነው» የሚለው ብቻውን ይቀራል። ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ይህን እንደ ቁጥር ወስዶት ያልፋል፤ አንድ ወንድ ሞተ፣ ጥሩ ነው ብዙ አልሞተም ይላል። በግጥሙ ውስጥ «ወንድ» የሚለው ቃል ጾታውንም ጀግንነቱንም በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ በግጥም ጆሯችን ሁለቱንም ለመስማት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በስድ ንባብ ግን ጆሯችን እንዲህ አይዘጋጅም፤ ተራ ቃል በተራ ትርጉሙ ይሰማል። ስለዚህ በአንድ ቃል ላይ ተደርቦ የነበረውን በሁለት አጫጭር ሐረጎች መዘርጋት ያስፈልጋል። አንዱ ስንት እንደነበረ ይናገር፣ ሁለተኛው መሞቱን ይናገር፦

«መቅደላ አፋፍ ላይ ጩኸቱ በዝቷል። ከሴቶቹ ስንት እንደሞተ አናውቅም። ወንድ ግን የነበረው አንድ ነው፤ እሱም ሞተ።»

ይህን ነው የምመርጠው። «የነበረው አንድ ነው» ሲል ሰሚው ይደነግጣል፤ በጦር ሜዳ ላይ አንድ ወንድ ብቻ ነበር ማለት ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ ሌላ ነገር ማለቱ ነው ብሎ ራሱ ይደርስበታል። ማንም አልተሰደበም። ሐሳቡ ከተፈታ በኋላ «እሱም ሞተ» ይመጣል፣ ከዚያ በኋላም ምንም አይባልም። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ማድረጉ እዚህ ይጠቅማል፤ ትልቁን ቃል እስከ መጨረሻው ለማቆየት ዓረፍተ ነገሩን መጠምዘዝ አላስፈለገም። «ሞተ» በግጥሙ የመጨረሻ ቃል ነበር፣ እዚህም የመጨረሻ ቃል ሆኖ ቆየ። ብዙ የስድ ንባብ ቅጂዎች «የቴዎድሮስ ሞት ብዙ ለቅሶን አስከተለ» ብለው ስለሚጀምሩ ነው የሚሞቱት፤ ሞቱ ከተነገረ በኋላ ሰሚው የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም።

የዓረፍተ ነገሮቹ ማጠርም እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። ግጥሙ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር መሀሉ ላይ ያርፋል፣ ስድስት ቀለም በዚህ፣ ስድስት ቀለም በዚያ። አልቃሹ የሚተነፍሰው እዚያ ዕረፍት ላይ ነው። በስድ ንባብ ይህን ዕረፍት የሚተካው አራት ነጥቡ ነው። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች በ«ሲሆን» እና በ«እንዲሁም» ቀጥዬ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ባደርጋቸው ሐሳቡ አይለወጥም፣ ግን ትንፋሹ ይጠፋና የቢሮ ሪፖርት ይሆናል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። በሁለቱ መስመሮች ውስጥ «ቴዎድሮስ» የሚል የለም፤ «ንጉሥ» እንኳ የለም። «ሞቱ» ሳይሆን «ሞተ» ነው የሚለው፣ አንቱታውን ትቶ። እኔ ስለ ታሪኩ ስጽፍ «ገደሉ»፣ «ወደቁ» እያልኩ በአንቱታ ጻፍኩ፤ ወግ ነውና። ወደ ሙሾው ስገባ ግን «እሳቸውም ሞቱ» ብል ሐዘኑ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ የቤተ መንግሥት ማስታወቂያ ይሆናል። ሥልጣኑ ሁሉ የረገፈበት ሰው አሁን «አንድ ሰው» ነው። አማርኛ የማያነቡ፣ ግጥሙን በጆሮ ብቻ የሚሰሙ የውጭ አገር ልጆቻችን «ማን ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ስሙን ንገሯቸው፣ ግን ከሙሾው በፊት ይሁን፤ «ይህ ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱ ጊዜ የተለቀሰ ነው» ብሎ መጀመር ይበቃል። ውስጡ አታስገቡት።

ምስሉ ግልጽ ሲሆን ሥራው ይለያል። ለዚያው ሞት የተባለ ሌላ ግጥም አለ፣ «አያችሁ ብያ የአንበሳውን ሞት፣ በሰው እጅ መሞት ነውር ሆኖበት» የሚል። እዚህ አንበሳው አለ። በ1860 አንበሳ ምን ያህል ከባድ ቃል እንደነበረ አስቡ፤ አዳኝ ገድሎ የሚፎክርበት አውሬ ነው፣ የገደለውም ሰው ይሸለማል። ዛሬ ግን እግር ኳስ ተጫዋቹም፣ ቢራውም፣ አውቶቡሱም አንበሳ ነው። ስድ ንባብ ውስጥ «አንበሳው ንጉሥ» ብሎ ማስቀረት ለዛሬ አንባቢ ምንም አይሰጠውም፤ ግጥሙ ውስጥ ቤት መምታቱና ዜማው ይሸከሙት ነበር፣ እዚህ የሚሸከመው የለም። ስለዚህ አውሬው ይውጣና ያደረገው ነገር ይቅር፦

«የሞተውን ሞት አያችሁ? ማንም ገደልኩት ብሎ እንዳይፎክር፣ ራሱ ገደለው።»

አንበሳ ማለት ሌላ ሰው ገድሎት የሚኮራበት ነገር ነው፤ ግጥሙ የሚለው ያንን ኩራት ነፈጋቸው ነው። ያ ኩራት መነፈጉ ካለ አንበሳው ባይኖርም ክብደቱ አለ። ሽጉጡን ልጨምር ብዬ አስቤ ነበር፤ ንግሥት ቪክቶርያ በስጦታ የላከችላቸው ነው ይባላልና ነገሩ ይጣፍጣል። ተውኩት። የሚጣፍጥ መሆኑ ነው የሚያስፈራው፤ ሰሚው ሽጉጡን ይዞ ይሄድና ሰውየውን ይረሳዋል።

ሁሉ የመቅደላ ግጥም ደግሞ ሐዘን አይደለም። በዚያው ሞት ላይ እንግሊዞችን የሚያላግጥ አለ፦

ገደልን እንዳይሉ ሞተው አገኟቸው፣
ማረክን እንዳይሉ ሰው የለ በእጃቸው፣
ምን አሉ እንግሊዞች ሲገቡ አገራቸው፣
ለወሬ አይመቹም ተንኮለኛ ናቸው።

የዚህ ስሜት ሳቅ ነው። እዚህ «በጥልቅ ሐዘን» ብሎ የጀመረ ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ በአንቱታው። አራቱም መስመር በ«ቸው» ያልቃል፣ ግን አንዱ «ቸው» የንጉሡ ነው፣ ሌላው የእንግሊዞቹ። «ሞተው አገኟቸው» ንጉሡን ነው፣ «በእጃቸው» እንግሊዞቹን፣ «ተንኮለኛ ናቸው» ተመልሶ ንጉሡን። ሰሚው በዚህ መወናበድ ይስቃል። በስድ ንባብ ግን መወናበዱ ሳቅ ሳይሆን ግራ መጋባት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ፣ ከመጀመሪያው ሙሾ በተቃራኒ፣ ስም መጥራት የግድ ነው፦

«እንግሊዞቹ አገራቸው ሲገቡ ምን ብለው ያወሩ ይሆን? ገደልን እንዳይሉ ሞተው ነው ያገኟቸው፤ ማረክን እንዳይሉ በእጃቸው ሰው የለም። ንጉሡ ተንኮለኛ ናቸው፤ ወሬውንም አበላሹባቸው።»

ሦስተኛውን መስመር ወደ ፊት አምጥቼዋለሁ። ግጥሙ ውስጥ ጥያቄው ከመልሶቹ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ቤቱ እየመታ ስለሚሄድ ያስኬዳል፤ በስድ ንባብ ግን ቀልድ ሲነገር መጀመሪያ ጥያቄው ነው የሚቀመጠው። «ተንኮለኛ» የሚለውን ግን «ብልህ» ብዬ አላለሰለስኩትም፤ የሚያስቀው ስድቡ ነው። ደግሞ የታሪክ ሰው ተነስቶ «ልጃቸውን ዓለማየሁን ወደ እንግሊዝ ወስደውት የለ እንዴ፣ እንዴት ሰው በእጃቸው የለም ይባላል?» ይለናል። ልክ ነው። ግን ቀልደኛውን ማረም የእኛ ሥራ አይደለም፤ ካስፈለገ ከታች ለብቻው እንጽፈዋለን።

የማይሻገር ነገርም አለ። የመጀመሪያው ሙሾ «ጩኸት በዛ» አይልም፣ «በረከተ» ነው የሚለው፤ ለእህልና ለከብት የምንለውን ለለቅሶ አድርጎት ነው። እኔ «በዝቷል» አልኩ። «በረከተ» ብዬ ልተወው ብዬ ሞክሬው ነበር፣ ግን በስድ ንባብ መሀል ቃሉ ለብቻው ጎልቶ ወጣና የተቀረው ሁሉ ተራ መሆኑ አሳበቀበት። በአንድ አጭር ጽሑፍ ውስጥ አንድ ብቻ የሚያበራ ቃል ትቶ መሄድ ጽሑፉን ግማሽ ግጥም ያደርገዋል፣ ይህም ከሁለቱም ያንሳል። ስለዚህ ያቺ ምሬት ቀረች። ኅብረ ቃሉ ሁሉን ነገር የተሸከመበት ቅኔ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ባትነኩት ይሻላል፤ ሰሙንና ወርቁን ለያይቶ መንገር ይቻላል፣ ያ ግን የቅኔ ፍቺ ነው እንጂ ቅኔውን በስድ ንባብ መጻፍ አይደለም።

ጽሑፉ እንደሠራ ለማወቅ ግጥሙን ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና ዝም በሉ። «ምን ተሰማህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሰው ሲጠየቅ «ያሳዝናል» ይላል፣ ወግ ነው። የሚጠይቀውን ጠብቁ። «ሴቶቹስ ስንት ሞቱ?» ካለ እንደ ቆጠራ ሰምቶታልና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አልሠራም፣ እንደገና ይጻፍ። «ይሄ ቴዎድሮስ ነው አይደል?» ብሎ ካቆመ ከግጥሙ ያገኘው ስሙን ብቻ ነው። «እና ሌሎቹስ ወንዶች?» ካለ ግን የጻፋችሁትን አትንኩት።